ቤት ውስጥ ለሚሠራ ንግድ የኪራይ፣ የመብራትና የኢንተርኔት ወጪ፦ ምን ያህሉ ከገቢ ላይ ይቀነሳል?

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በሞጣና በባሕር ዳር መኖሪያ ቤታቸውን ከፊሉን ለሥራ ከፊሉን ለኑሮ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ኬክ የሚጋግሩ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ሂሳብ የሚሠሩና በኮምፒዩተር ንድፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ፦ ለቤቱ የምከፍለው ኪራይ፣ መብራትና ኢንተርኔት ለሥራዬም ስለሚውል ከፊሉ በወጪነት ይያዝልኛል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በአደባባይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ የተደበላለቀ ነው። አንዳንዱ መልስ ከውጭ አገር ቪዲዮዎች የተቀዳ ነው። በአሜሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ ለአንድ ስኩዌር ጫማ 5 ዶላር እየታሰበ እስከ 300 ስኩዌር ጫማ ድረስ የሚያዘው ቀላል ስሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ስሌቱ በዚያ አገር ሕግ ውስጥ ትክክል ነው፤ በጎጃም ለሚሠራ ግብር ከፋይ ግን ምንም መብት አይፈጥርለትም። ሌላው መልስ ደግሞ «መኖሪያ ቤት የግል ጉዳይ ስለሆነ ምንም አይያዝም» የሚል ነው። ይህም ሕጉ ከሚለው ርቆ የሄደ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ተቀናሽ ወጪ ማለት ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሣ ገንዘብ ነው፤ ከሚከፈለው ግብር ላይ ብር በብር የሚቀነስ አይደለም። አንድ ሰው 10,000 ብር የቤት ኪራይ ድርሻ ቢያዝለትና የገቢው ጫፍ 35 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ላይ ቢሆን የሚቀርለት ግብር 3,500 ብር ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ከሚያገኘው ጥቅም ጋር የማይመጣጠን ክርክር ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ግብሩ የሚሰላው ከምን ላይ ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሎች ውስጥ በሚነግዱ ግለሰቦች ላይ የትርፍ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ በጎጃም የሚሠራ ግለሰብ ነጋዴ የሚገዛው በአማራ ክልል የገቢ ግብር ሕግ ሲሆን፣ ይህም በመሠረታዊ ይዘቱ የፌዴራሉን የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይከተላል። የፌዴራሉ አዋጅ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ የሚጠቀመው የዚህን ማሻሻያ መጣኔዎችና እርከኖች ስለሆነ፣ ማንም ሰው በራሱ የግብር ማስታወቂያ ላይ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ለዚያ የግብር ዓመት በክልሉ የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ከወረዳው ወይም ከከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማመሳከር ይኖርበታል።

ማሻሻያው ከዚህ ቀደም «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለው በሦስት የተመደቡትን ግብር ከፋዮች በሁለት ደረጃ ከፍሏቸዋል። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደረጃ «ሀ» ሲሆን፣ የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ወጪውን ከገቢው ላይ ይቀንሳል፣ ግብሩንም ከትርፉ ላይ ይከፍላል። ከዚያ በታች ያለው ነጋዴ ግብር የሚታሰብበት ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ በመቶኛ ነው። የቤት ኪራይ ክርክሩ ለብዙዎች የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ከሽያጭ ላይ በመቶኛ የሚከፍል ሰው ኪራዩ ይያዝለትም አይያዝለትም ግብሩ ያው ነው። በመቶኛው የተተመነው ነጋዴው ወጪ እንዳለበት ታስቦ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ሌላ ወጪ እንዲቀነስ መጠየቅ አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ ማንሣት ይሆናል። በጎጃም ከተሞች ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹ አነስተኛ ነጋዴዎች ከዚህ መስመር በታች ስለሚሆኑ፣ ደረሰኝ ማጠራቀም ከመጀመራቸው በፊት ደረጃቸውን ቢያረጋግጡ ከብዙ ድካም ይድናሉ። ወጪው ከፍተኛ ሆኖ ትርፉ ጠባብ ስለሆነ በሂሳብ መዝገብ መስተናገድ ይሻለኛል ብሎ የሚያስብ ነጋዴም ይህ ይፈቀድለት እንደሆነ ገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ያለበት የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ መሥራት ተቀባይነት ያለው ማስረጃ አያስገኝም።

ሕጉ ድርሻን የሚፈቅደው በምን ቃል ነው?

አዋጁ ስለ ቤት ውስጥ ንግድ ለብቻው የተጻፈ ድንጋጌ የለውም። የሚሠራው አጠቃላዩ ደንብ ነው፦ የንግድ ሥራ ገቢን ለማግኘት፣ ለመጠበቅና ለማስቀጠል የተደረገ ወጪ አስፈላጊ በሆነበት መጠን ይቀነሳል። በሌላ በኩል የግል ፍጆታ ወጪ አይቀነስም። አንድ ክፍያ ሁለቱንም ሲያገለግል መንገዱን የሚያሳየው «በሆነበት መጠን» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ወጪውን በሙሉ መጣል ወይም በሙሉ መቀበል ሳይሆን ለሥራና ለግል መከፋፈል ማለት ነው። የእርጅና ቅናሽ ድንጋጌዎች ይህንኑ በግልጽ ያሳያሉ። የእርጅና ቅናሽ ማለት ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት ዋጋ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት በወጪነት የሚያዝበት ሥርዓት ሲሆን፣ ንብረቱ ከፊል ለንግድ ከፊል ለሌላ ጉዳይ ከዋለ ቅናሹም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ሕጉ ይደነግጋል።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ነጋዴው ሥራውን ባይጀምርም በዚያው ቤት ይኖርና ያንኑ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ያስከተለው ወጪ ዜሮ ነው። በግብር ምርመራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ከዚህ ቢነሡ አያስደንቅም። ሁለተኛው አመለካከት ደግሞ ነጋዴው አንዱን ክፍል ለሥራ ሲለቅ ቤተሰቡ ያንን ክፍል እንደሚያጣና፣ ሥራው ከቤት ቢወጣ ለሱቅ ኪራይ ይከፈል እንደነበር ያስታውሳል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ሁለተኛው ለሕጉ ቃል ይቀርባል፤ ነገር ግን የሚጸናው ክፍሉ በእውነት ለሥራ ብቻ የተለየ ሲሆን ነው። ቀን ቀን ጨርቅ የሚቆረጥበት፣ ማታ ልጆች የሚተኙበት ሳሎን የመጀመሪያውን አመለካከት ያሸንፋል ለማለት ያስቸግራል።

ኪራይ፦ ካሬው ቀላል ነው፣ ውሉ ይከብዳል

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ኬክና ብስኩት እየጋገረች የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል። ዓመታዊ ሽያጯ 2,400,000 ብር ሲሆን፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ማሸጊያ፣ የረዳቶች ደመወዝና ማጓጓዣ ተቀንሶ፣ የቤቱ ወጪ ሳይነካ 480,000 ብር ይቀራታል። ቤቱ በውስጥ ልኬት 72 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ክፍል 16 ካሬ ሜትር ሲሆን ምድጃው፣ ማደባለቂያው፣ የክሬም ማቀዝቀዣውና የማሸጊያው ጠረጴዛ የሚገኙት እዚያ ነው፤ ቤተሰቡ አይጠቀምበትም። ኪራዩ በወር 9,000፣ በዓመት 108,000 ብር ነው።

በስፋት ሲከፋፈል 16 ለ72፣ ማለትም 22.2 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከ108,000 ብር ውስጥ 24,000 ብር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ስውር ልዩነት አለ። ኮሪደሩና መጸዳጃው 12 ካሬ ሜትር ቢይዙና «እነዚህ የጋራ ስለሆኑ ከስሌቱ ይውጡ» ቢባል ክፍፍሉ 16 ለ60 ሆኖ ወደ 26.7 በመቶ ከፍ ይላል። ይህም በሂሳብ አያያዝ የሚያስነቅፍ ዘዴ አይደለም፤ ሆኖም ዝቅተኛውን መርጦ የያዘ ሰው ስለ ኮሪደር ከመከራከር ይድናል። የቤተሰቡ ወጥ ቤት 8 ካሬ ሜትር ሆኖ አልፎ አልፎ ለኬክ ሥራም ቢያገለግልስ? የወጥ ቤቱ ድርሻ በዓመት 12,000 ብር ነው፤ ሩቡ ጊዜ ለሥራ ዋለ ቢባል 3,000 ብር፣ በግብር ሲታይ ደግሞ 1,050 ብር ቢሆን ነው። ለዚህ ሲባል የጋራ ክፍልን ወደ ማስታወቂያው ማስገባት፣ ንጹሕ የሆነውን የ24,000 ብር ጥያቄ ጭምር ለጥርጣሬ ያጋልጣል።

ስፋቱን መለካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ የሚገኘው ውሉ ላይ ነው። በከተሞቻችን የተለመደው አንዱ ነገር የተጻፈው ኪራይና የሚከፈለው ኪራይ አለመመሳሰሉ ነው፤ አከራዩ በውሉ ላይ 4,000 ብር አስጽፎ 9,000 ብር ይቀበላል፣ ወይም ከነጭራሹ ውል መጻፍ አይፈልግም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አከራዩ ራሱ በሠንጠረዥ «ለ» የኪራይ ገቢ ግብር ከፋይ ስለሆነ፣ ተከራዩ በወጪነት የሚያሳውቀው እያንዳንዱ ብር በአከራዩ በኩል የታወቀ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ የኪራይ ድርሻን መጠየቅ የተከራዩ ብቻ ውሳኔ አይደለም፤ ከአከራዩ ጋር ያለውንም ግንኙነት ይነካል። አከራዩ ግብሩን በኪራይ ጭማሪ ላስተላልፍ ቢል ለተከራይዋ የሚተርፋት ነገር ላይኖር ይችላል። በምሳሌያችን የ24,000 ብር ድርሻ የሚያስቀረው ግብር 8,400 ብር ስለሆነ፣ በወር የ700 ብር የኪራይ ጭማሪ ጥቅሙን እንዳለ ያጠፋዋል። በውል የተጻፈው 4,000 ብር ከሆነ ደግሞ ድርሻው የሚሰላው ከዚያ ነው፤ ቀሪው 5,000 ብር በእጅ የተከፈለ መሆኑን በቃል ማስረዳት ዋጋ የለውም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይጠይቃል። አዋጁ በክልሎች ውስጥ የሚፈጸመው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ቢሆንም፣ የማስረጃ ሐሳቡ ለማንኛውም ከተማ ይጠቅማል። ፊርማ ያለበት ውል፣ ከነጋዴዋ ሂሳብ ወደ አከራዩ ሂሳብ በየወሩ የተላለፈ ገንዘብ፣ የንግድ ፈቃዱ ላይ የሰፈረውም አድራሻ ያው ቤት መሆኑ፣ ሦስቱ ከተገናኙ ጥያቄው ጠንካራ መሠረት አለው። ከዚህ ጋር ውሉ ቤቱን «ለመኖሪያ ብቻ» እንደሚል ወይም እንደማይል ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ የሚል ውል ይዞ የንግድ ድርሻ መጠየቅ ውል ማፍረስን በራስ እጅ ጽፎ ማስረከብ ስለሆነ፣ አከራዩ አንዱ ክፍል ለሥራ እንዲውል መፍቀዱን የሚገልጽ አጭር አንቀጽ ቀድሞ ማስገባት ይሻላል።

ቤቱ የራሷ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል። ሰው ለራሱ ኪራይ ሊከፍል ስለማይችል «ብከራይ ኖሮ ይህን ያህል እከፍል ነበር» የሚል ግምት በወጪነት አይያዝም። የሚታየው የግንባታው ወጪ ነው፤ ለሕንፃ ማሻሻያ የሚፈቀደው የእርጅና ቅናሽ በዓመት 5 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ለሥራ በዋለው ስፋት ልክ ብቻ ይያዛል።

መብራት በካሬ አይለካም

ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ያገኘውን መቶኛ ለሁሉም ወጪ ይጠቀምበታል። ለኪራይ 22.2 በመቶ ከሆነ ለመብራትም 22.2 በመቶ ይላል። ይህ በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል። በባሕር ዳር በአንድ ክፍል ተቀምጦ በላፕቶፕ ንድፍ የሚሠራ ሰው 65 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በቀን 8 ሰዓት ለ26 ቀናት ቢጠቀም በወር 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል፤ ሌላው ፍጆታ የቤተሰቡ ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና መብራት ስለሆነ በካሬ የተሰላው ድርሻ ከእውነቱ በጣም ይበልጣል። ለኬክ ጋጋሪዋ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው።

ምድጃዋ ላይ 3 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። 3 ኪሎዋት በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲባዛ 390 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ ግን ምድጃው ያለማቋረጥ በሙሉ ኃይል ቢሠራ የሚወስደው ነው። ምድጃ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፤ ስለዚህ በመለያው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አባዝቶ ማቅረብ ወጪን ማጋነን ይሆናል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በቤቱ ያለውን ሌላ መሣሪያ ሁሉ አጥፍቶ፣ መጋገር ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ ይበቃል። በምሳሌያችን የ5 ሰዓት ሥራ 9 ኪሎዋት ሰዓት ወስዷል እንበል፤ በወር 234 ይሆናል። ማቀዝቀዣውና ማደባለቂያው ሲጨመሩ የሥራው ፍጆታ 270 ላይ ይደርሳል። የቤቱ ጠቅላላ ንባብ በወር 400 ከሆነ ድርሻው 67.5 በመቶ ነው። ከዚህም የሚሻለው ለሥራው ክፍል ብቻ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም ነው፤ ያኔ ክርክሩ ወደ ንባብ ይለወጣል።

ለእኛ አገር የተለየ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በጥር ሠርግ ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን እንቁላልና ቅቤ ያለበት ኬክ ፈላጊው በጣም ይቀንሳል። በጥር የተለካን ድርሻ ለዓመቱ ሁሉ መጠቀም ይህን ይደብቃል። በምሳሌያችን አሥሩ ወራት በወር 2,000 ብር ቢከፈልባቸው 67.5 በመቶው 13,500 ብር ነው። በጾሙ ሁለት ወራት ጠቅላላ ፍጆታው ወደ 160 ኪሎዋት ሰዓት ወርዶ የሥራው 30 ብቻ ቢሆንና የሁለቱ ወር ክፍያ 1,400 ብር ቢደርስ ድርሻው 262 ብር ገደማ ነው። የዓመቱ ድምር 13,762 ብር ይሆናል። አንድ ወጥ መቶኛ ብትጠቀም ኖሮ 14,445 ብር ታቀርብ ነበር። ልዩነቱ በብር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በመጋቢትና በጥር አንድ ዓይነት ድርሻ የሚያሳይ መዝገብ ያየ የግብር ኦዲተር፣ ማለትም የግብር ሂሳብ መርማሪ፣ ቁጥሩ ከንባብ ሳይሆን ከግምት እንደመጣ ወዲያው ይረዳል።

የመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ ፍጆታው በጨመረ መጠን የሚጨምር መሆኑ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሥራው ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ በዝቅተኛው ዋጋ ይቆይ ስለነበር፣ ከፍ ያለው ዋጋ በሙሉ የሥራው ነው የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል፤ በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይም ስህተት የለበትም። ሆኖም አማካዩን ዋጋ መጠቀም ይመረጣል። ስሌቱ ከሂሳቡ ወረቀት ላይ በቀጥታ ይነበባል፣ ተከራካሪም አያበዛም። ሌላው መታወቅ ያለበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መኖሪያ ቤትን፣ ንግድንና ኢንዱስትሪን በተለያየ ዋጋ የሚያስተናግድ መሆኑ ነው። ከመኖሪያ ቆጣሪ ሁለት ሦስተኛው ለንግድ መዋሉን በራስ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው፣ ቆጣሪው ወደ ንግድ ዋጋ ይዛወር የሚል ጥያቄ ቢመጣ ሊደነቅ አይገባም።

ቆጣሪው በአከራዩ ስም መሆኑ በራሱ ጥያቄውን አያጠፋውም፤ ግን ማስረጃውን ያወሳስበዋል። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ አከራዩ ሂሳቡን ከፋፍሎ በቃል ይነግራል፣ ብሩም በእጅ ይሰጣል። እንዲህ ባለው ቦታ ቢያንስ የወሩን ሂሳብ ቅጂ፣ የክፍፍሉን ቁጥርና የአከራዩን ፊርማ የያዘ ወረቀት በየወሩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ደግሞ የሞሉበትን ደረሰኝ ይይዛሉ። ነገር ግን የተሞላው ብር ያለቀውን ፍጆታ በትክክል ስለማያሳይ፣ ሰኔ 30 ቀን በቆጣሪው ላይ የቀረውን ሂሳብ መዝግቦ ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ተገቢ ነው።

ኢንተርኔት፦ ከመከፋፈል መለየት ይቀላል

ኢንተርኔት ካሬም የለው፣ ቆጣሪውም የማንን ፍጆታ እንደቆጠረ አይናገርም። አንዲት ነጋዴ የደንበኛ ትእዛዝ በቴሌግራም ተቀብላ የኬክ ፎቶ ስትልክ የምትፈጀው ዳታ፣ ልጆቿ በዚያው ዋይፋይ ፊልም ሲያዩ ከሚፈጁት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በፍጆታ ቢከፋፈል ድርሻዋ ጥቂት በመቶ ብቻ ይሆናል። በሰዓት ቢከፋፈል ሊበዛ ይችላል፤ ግን ሰዓቱን የሚመሰክር ማን ነው? በዚህ ምክንያት መቶኛ ከመፈለግ ይልቅ ለሥራው የተለየ ሲም ካርድ አውጥቶ ጥቅሉን በዚያ ቁጥር ብቻ መግዛት እጅግ ይመረጣል። በወር 300 ብር ቢሆን በዓመት 3,600 ብር ሲሆን፣ በሙሉ የሥራ ወጪ ነው፤ የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኙም በቀን ተቀምጦ ይገኛል። በወር 1,000 ብር ከሚከፈልበት የቤት ዋይፋይ ደግሞ 20 በመቶውን፣ በዓመት 2,400 ብር፣ ብትጠይቅ ምክንያቷን በአንድ ገጽ ጽፋ ማያያዝ ይኖርባታል፤ ከሦስቱ ወጪዎች ሁሉ ለውድቅ የሚቀርበው ይህ ነው።

በክልሉ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት አንዳንድ ሰዎች ሥራቸው እንዳይቆም የመደበኛ መስመር ኢንተርኔት አስገብተዋል። እንዲህ ያለው መስመር ቤተሰቡም ቢጠቀምበት የገባበት ምክንያት ሥራውን ማስቀጠል ስለሆነ፣ ከፍ ያለ ድርሻ ለመጠየቅ የተሻለ መነሻ አለው። በአንጻሩ ጥቅል ሳይገዛባቸው ያለፉ ወራት በወርሃዊ አማካይ ተሞልተው መቅረብ የለባቸውም።

ድምሩ ሲታይ

የኪራይ 24,000፣ የመብራት 13,762 እና የኢንተርኔት 6,000 ብር በድምሩ 43,762 ብር ይሆናል። በተሻሻለው የዓመታዊ እርከን ከ168,000 ብር በላይ ያለው ትርፍ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ አቋራጩ ስሌት ትርፉን በ35 በመቶ አባዝቶ 24,600 ብር መቀነስ ነው። በ480,000 ብር ትርፍ ላይ ግብሩ 143,400 ብር ነበር። ወጪው ሲያዝ ትርፉ 436,238፣ ግብሩም 128,083 ብር ይሆናል። የሚቀርላት 15,317 ብር ገደማ ነው። ለአንድ አነስተኛ ነጋዴ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

ሁለት ገደቦች ግን አሉ። ማሻሻያው ከትርፍ የሚሰላው ግብር ከጠቅላላ ሽያጭ 2.5 በመቶ በታች እንዳይወርድ ዝቅተኛ ግብር አስገብቷል። በ2,400,000 ብር ሽያጭ ይህ ወለል 60,000 ብር ስለሆነ ለዚህች ነጋዴ አይደርስባትም፤ የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ንሮ ትርፏ ወደ 240,000 ብር ቢወርድ ግን ግብሯ አስቀድሞ 59,400 ብር ስለሚሆን፣ የቤት ወጪው ቢጨመር የሚቀንስላት ነገር አይኖርም። ሁለተኛው ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴን ይመለከታል። በኢንተርኔት ወይም በመብራት ሂሳብ ላይ የተከፈለው ታክስ የሥራው ድርሻ በታክስ ማስታወቂያው ላይ ከተካካሰ፣ ያው ገንዘብ እንደገና በወጪነት መያዝ የለበትም። በምሳሌው የተጠቀሱት ክፍያዎች ይህ ታክስ የወጣላቸው ተደርገው መወሰድ አለባቸው።

ጥያቄው ሲመረመር

ወጪው ለሥራ መዋሉን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። የግብር አስተዳደር ሕጉ ሰነዶች ማስታወቂያው ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲቆዩ ያዛል። በዚህ ጉዳይ ሰነድ የሚባለው ደረሰኙ ብቻ ሳይሆን ወጪው ለሥራና ለኑሮ የተከፋፈለበት መንገድ ጭምር ነው፦ የክፍሎቹ ልኬት ያለበት ንድፍ፣ የክፍሉ ፎቶ፣ በየወሩ መጨረሻ የተጻፈ የቆጣሪ ንባብና የምድጃው ሙከራ የተደረገበት ቀን። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ሥራው እየተካሄደ በየወሩ የተመዘገበ ነው። ጥያቄው ከመጣ በኋላ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ የዓመት መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል።

መርማሪው ድርሻውን በከፊል ውድቅ ቢያደርግ ቀሪው ግብር ይከፈላል፤ ከመጠን በታች በማሳወቅ የሚጣለው ቅጣት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉድለቱ 10 በመቶ ነው። የኬክ ጋጋሪዋ የዋይፋይ 2,400 ብር ብቻ ቢሰረዝ ጉድለቱ 840፣ ቅጣቱ 84 ብር ይሆናል፤ በንባብና በውል የተደገፈው የመብራትና የኪራይ ድርሻ ግን በዚያ ምክንያት አብሮ አይወድቅም። ሁሉም በአንድ መቶኛ ተጠቃሎ «የቤት ወጪ 40 በመቶ» ተብሎ ከቀረበ ግን መርማሪው የቱን ትቶ የቱን እንደሚቀበል መለያ ስለሌለው በሙሉ ይሰርዘዋል። በውሳኔው የማይስማማ ግብር ከፋይ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለዚያው ባለሥልጣን የቅሬታ አጣሪ ክፍል ማቅረብ አለበት። ቅሬታው እያንዳንዱን ወጪ ለየብቻ፣ ከተሰላበት ዘዴና ከተያያዘው ሰነድ ጋር መዘርዘር ይኖርበታል።